በእህቴ ገጽ ላይ የሰው ሶፋ

እህቴ ሶፋ ታለብሳለች። እንዲህ ስል ጨርቅ ጣል ታደርግበታለች ማለቴ አይደለም። ያረጀውን ሶፋ እስከ እንጨቱ ድረስ ታራቁተዋለች፤ የላላውን ሞላ ታጠብቃለች፣ የተነቃነቀውን እግር ትመታለች፣ ስፖንጁን በረጅም ቢላ ትቆርጣለች፣ ጨርቁን ወጥራ በስቴፕለር ትይዛለች። መጨረሻ ላይ የጀርባውን ጠርዝ በቆልማማ መርፌ በእጇ ትዘጋለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታበታለች። የግራ እጇ አውራ ጣት ጫፍ እንደ ተረከዝ ደንድኗል።

ሙያውን የተማረችበት ቤት አንድ ልማድ አለው። ሥራው ሲያልቅ ከሶፋው ጀርባ፣ ከታች ጥግ ላይ፣ ሦስት ስፌት በቀለም ክር ይሰፋል። የመምህሯ ክር ቀይ ነው፤ ሰፈሩም ሰውዬውን ጋሼ ቀይ ክር እያለ ነው የሚጠራው። ተማሪ ሙያውን ጨርሶ ሲወጣ የራሱን ቀለም ይመርጣል። እህቴ ቢጫ መረጠች። ገዢ ያንን ጥግ ጎንበስ ብሎ አያየውም። እሷ ግን ሦስቱ ስፌት ያልገባበት ሶፋ አላለቀም ብላ ከበር አታስወጣም። ደንበኛው ውጭ መኪና አስነስቶ ጥሩምባ እየነፋ እንኳ መርፌዋን ትፈልጋለች።

እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ። እናታችን ስታርፍ ገና ልጅ ስለነበርኩ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ብዙ ሥራ ሞክሬያለሁ፤ ከአንዱም ጋር አልተዋደድንም። ከሦስት ዓመት በፊት ለሥራዋ የኢንተርኔት ገጽ ልክፈትልሽ ስላት፣ «እኔ የማውቀው እጄን ነው፤ ስልኩን አንተ እወቀው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሁለት ሆነ፦ ስልኩን ማወቅና የሶፋውን ሌላኛ ጫፍ መሸከም። ሁለተኛውን በደንብ ሠርቻለሁ።

የእህቴ ሱቅ ጠባብ ነው። አንድ ረጅም መብራት ጣሪያው ላይ ይንጫጫል። እዚያ ውስጥ የማነሳው ሶፋ ሁሉ ከጎርፍ የተረፈ ይመስላል። ከጀርባው የስፖንጅ ቁርጥራጭ፣ ከጎኑ ባልዲ፣ አንዳንዴም የራሴ ጥላ ይታያል። ሃያ ላይክ ይመጣል፤ አሥራ አምስቱ የዘመድ ነው። ወደ ውጭ አውጥቼ ብርሃን ላይ ማንሳት እችል ነበር። ግን ሶፋ ከባድ ነው፣ እኔም ሰነፍ ነኝ።

አንድ ቀን የጋሼን ገጽ አየሁ። ምራታቸው ናት የምትሠራላቸው፤ በትልቁ መስኮት በኩል የጠዋት ብርሃን ገብቶ፣ ሶፋው ሊናገር የደረሰ ይመስላል። አንዱን ፎቶ ወሰድኩ። ከታች የተጻፈውን ስማቸውን ቆርጬ አወጣሁና በእህቴ ገጽ ላይ ለጠፍኩት። «ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ሥራው ያው ነው» አልኩ ለራሴ። በዚያን ቀን ስድስት ሰው ደወለ። እህቴ ስልኩን ዘግታ «ዛሬ ምን ታይቶ ነው?» ስትል እንዴት እንደተደሰተች አሁንም ይታየኛል። በአራት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ፎቶ ወሰድኩ። ስሙን ሁሌ እቆርጥ ነበር። ጥጉ ላይ ያለውን ቀይ ክር ግን አንድም ቀን ልብ አላልኩትም፤ እንዲያ ያለውን ነገር የማይ ሰው ብሆን ኖሮ እኔም ሙያ ይኖረኝ ነበር።

የቅጣቱ መልእክት የመጣው አንድ ጠዋት፣ አንድ ሶፋ ከእህቴ ጋር ይዤ ደረጃ ስወርድ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ሶፋውን መኪና ላይ ጭነን ስናበቃ ከፈትኩት። አንድ ፎቶ ከገጹ ተነስቷል ይላል፤ ባለቤቱ ያለፈቃዴ ተወሰደብኝ ብሎ አመልክቷል። ያመለከተው ሰው ስምና ኢሜይል፣ የማመልከቻው ቁጥርም ከታች ተጽፏል። ስሙ የጋሼ ነበር። ስህተት ነው የምትል ከሆነ ከአመልካቹ ጋር ተነጋገር፣ መብቱ የራስህ ከሆነ ይግባኝ በል ይላል።

ጋሼ ለእህቴ የመጀመሪያዋን መርፌ የሰጡ ሰው ናቸው። እናታችን ያረፈች ቀን ከዘመድ ቀድመው የደረሱ እሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ደውዬ «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ይግባኝ አልኩ። «ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ሁለተኛ ፎቶ ተነሳ፣ ማስጠንቀቂያም ተጨመረበት። የገጹን ሁኔታ የሚያሳየውን ክፍል ስከፍተው እዚህ ላይ አጥፍተሃል የሚል ምልክት ቆሟል፦ የምትለጥፈው ነገር ገጹን ለማይከተሉ ሰዎች አይቀርብም፣ ለአንድ ወር በክፍያ ማስተዋወቅም አትችልም። ሁለት ሺህ ሰው ያየው የነበረ ገጽ ስልሳ ሦስት ሰው አየው። በሚቀጥለው ሳምንት አርባ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ሌላ ገጽ ከፈትኩ። ከተነሱት ፎቶዎች አንዱን እዚያ ላይ ለጠፍኩት። ሻይዬን ሳልጨርስ ጠፋ። አዲሱ ገጽ ታገደ፤ በዋናው ገጽም ቅጣት ለመሸሽ ሞክረሃል ተብሎ ለተወሰነ ጊዜ ምንም እንዳልለጥፍ ተከለከልኩ። እህቴ «ስልኩ ምን ነካው፣ ዝም አለ እኮ» ስትለኝ፣

«ሲስተሙ ተበላሽቶ ነው እትዬ፤ የሁሉም ሰው እንዲሁ ነው» አልኳት።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን እያደር ከበደ፤ ምክንያቱም እህቴ አላመነችኝም። ያላመነችኝ ግን እኔን ጠርጥራ አይደለም። ራሷን ጠርጥራ ነው።

አንድ ከሰዓት ከውጭ ስመለስ ለማሳያ ያስቀመጠችውን፣ በራሷ እጅ ያለቀውን ሶፋ ፈትታው አገኘኋት። ስቴፕሉን አንድ በአንድ ትነቅላለች።

«ምን ሆነሽ ነው? ይሄኮ አልቋል።»

«እጥፋቱ አላማረኝም» አለች ቀና ሳትል። «ሰው ዝም ብሎ አይቀርም። አንድ ነገር አይተዋል። እጄ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ወይ ዓይኔ ነው።»

ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፣ እንባም የለም። ሐኪም የነገራትን የምትደግም ነበር የምትመስለው። ከዚያ ቀደም ሲል ሥራ ሊያቀርብላት መጥቶ የነበረ የፍራሽ ፋብሪካ ሰው ዳግም መጥቶ እንደነበር ነገረችኝ። የፍራሽ ልብስ በፈረቃ የሚሰፋ ሰው ይፈልጋሉ። ሱቁን ለቅቃ ልትገባላቸው ነው። «ሰኞ መልስ እሰጣቸዋለሁ» አለች። «እዚያ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ አያሳፍረኝም።»

ከወለሉ ላይ ስቴፕል መልቀም ጀመርኩ። የለቀምኩት ሌላ የምሠራው ስላጣሁ ነው።

በማግስቱ ሰፈራችን ውስጥ ስልክ የምትጠግን ሴት ጋ ሄድኩ። ሱቋ ከደረጃ ሥር ነው፤ ምላሷ ከመፍቻዋ ይሾላል። በኢንተርኔት ያገኘሁት አንድ ሰው በአንድ ቀን አስከፍትልሃለሁ ብሎኝ ፓስዎርዱን ሰጥቼው ነበር። አሁን ደግሞ በመልእክት የመጣልህን ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ላክ ይለኛል። እሷን ልጠይቃት ብዬ ነው የገባሁት።

«ቁጥሩን ሰጥተኸዋል?»

«ገና ነኝ።»

«ተመስገን በል። ይሄ ሰውዬ ገጹን አያስከፍትልህም፤ ይዞት ይሄዳል። ቁጭ በል እዚህ።» ፓስዎርዱን እዚያው አስለወጠችኝ፤ ከእኔ ስልክ ሌላ የገባበት መሣሪያ ካለ አስወጣችው፤ ማንም ሲገባ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲጠየቅም አደረገች። ከዚያ የገጹን ሁኔታ ከፍታ አነበበችው። እያነበበች ፊቷ ተለወጠ።

«ገጹ አልተበላሸም እኮ። ሰው ከሶሃል። ያመለከተው ሰው ስሙ ይኸው። ታውቀዋለህ?»

«በስም» አልኳት። ወይ አለማፈር።

«በል በስምም ቢሆን ሂድና ለምነው። ማመልከቻውን ማንሳት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ደጋግመህ ይግባኝ ብትል ውሸትህ ይደጋገማል እንጂ አይነሳልህም። ሌላ ገጽ አትክፈት፤ የከፈትከውን ዝጋው። ሌላ የሰው ፎቶ አለበት?»

«ዘጠኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከኋላዬ ቻርጀር ሊገዛ የቆመ ሰውዬም አየኝ።

«አሁኑኑ አውርዳቸው፤ ባለቤቱ አንድ በአንድ ሳይቆጥራቸው።»

እዚያው ወንበሯ ላይ ሆኜ ዘጠኙን አጠፋኋቸው። ሳጠፋ ገጹ ላይ የቀረውን አየሁት፤ የእህቴ ሶፋዎች፣ ባልዲው፣ ጥላዬ።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ እውነቱን መናገር ነው። ለእሱ የሚጫን ቁልፍ የለውም።»

ቅዳሜ ለብቻዬ ጋሼ ጋ እሄዳለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ ማመልከቻው ይነሳል፣ እህቴም ሳትሰማ ነገሩ ያልፋል ብዬ አሰብኩ። አያችሁ፣ ያኔም የማስበው እንዴት እንደማልታይ ነበር። አርብ ማታ እራት ላይ እህቴ እጇን ስትታጠብ እንዲህ አለች፦

«ነገ ጋሼ ጋ ልሄድ ነው። ምን እንዳበላሸሁ እሱ አይደብቀኝም። እሱ እጅሽ አልቋል ካለኝ ፋብሪካው እገባለሁ። አንተም ናና ፎቶዎቹን አሳየው።»

የቆረስኩትን እንጀራ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ በታክሲ ሄድን። አዲስ ያለበሰችውን አንዲት ትንሽ ወንበር ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን አቅፋታለች። ሦስት ጊዜ ልነግራት ጀመርኩ። አንዴ ረዳቱ ሂሳብ አለኝ። አንዴ «እትዬ» ብዬ ስትዞር «መስኮቱን ልዝጋልሽ?» አልኳት። ሦስተኛው በር ላይ ነበር፤ ጋሼ ራሳቸው ከፈቱ።

ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። በሥራ ጠረጴዛቸው በላይ፣ ምስማር ላይ፣ ቀዩ ክር ተሰቅሏል። እህቴን ሰላም አሏት፤ ግን እንደ ድሮው አላቀፏትም። እኔን አየት አድርገው ወደ ጠረጴዛቸው ዞሩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እህቴ ወንበሯን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እጄ ከድቶኛል» አለች። «ሰው ጠፋ። በቀን አምስት ስድስት የሚደውልበት ስልክ ሳምንቱን ዝም ይላል። እይልኝና እውነቱን ንገረኝ። አልከፋም።»

ጋሼ ወንበሯን ገለበጡ። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ሄዱበት። ጥጉን አዩ፤ ሦስቱን ቢጫ ስፌት በጥፍራቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው ያዩት እኔን ነው።

«አንተስ ምን ትላለህ? ምኑ ነው የተበላሸው?»

እህቴ ያለችውን ሲሰሙ ገብቷቸዋል። በራሴ አፍ እንድናገር እየጠበቁኝ ነበር።

«እጇ አልተበላሸም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «እኔ ነኝ። የእርስዎን ፎቶ ሰርቄ በእሷ ገጽ ላይ ለጠፍኩ። ስምዎን ቆርጬ ነው የለጠፍኩት። ሲያመለክቱ የእኔ ነው ብዬ ዋሸሁ። ገጹ የተቀጣው ለዚያ ነው፤ ሰው የጠፋው ስለማያየው ነው። እሷ ምንም አታውቅም። ሲስተም ተበላሽቶ ነው እያልኳት ነው የከረምኩት።»

እህቴ ወደ እኔ አልዞረችም።

ጋሼ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እኔ እስከ ዛሬ አንቺ መስለሽኝ ነበር» አሏት። «ምራቴ ፎቶውን ስታሳየኝ ጥጉ ላይ ክሬን አየሁት። ስሜን ቆርጣ ክሬን ተወችው አልኩ። እሷን ገና አታመልክቺ፣ ትደውላለች ብያት ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። አልደወልሽም። ይግባኝ ብላለች ሲሉኝማ ይቺ ልጅ ሞታለች አልኩ።»

ይህን ስትሰማ ነው የእህቴ ፊት የተለወጠው። ገጹም፣ ደንበኛውም፣ ፋብሪካውም አልነበረም ያመማት። እኚህ ሰው ለሁለት ወር ሌባ ናት ብለው አስበዋት ኖረዋል። እሷ በዚያ ጊዜ ሁሉ ሶፋ ትፈታ ነበር።

«ስንት ነው?» አለችኝ፣ አሁንም ሳትዞር።

«አሥራ አንድ።»

«የእኔ ሲወጣ ስንት ሰው ይደውል ነበር?»

ይህንን መመለስ ከሁሉም ከበደኝ። «አንድ… ሁለት።»

ራሷን ነቀነቀች። ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ የእሷን አሳየኝ።» ስልኩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አዩ።

«ይሄ ባልዲ ምንድነው?»

«ባልዲ ነው ጋሼ።»

«በዚህ ዓይነት የእኔንም ሶፋ ብታነሳው ሰው አይቀመጥበትም። ልጄ፣ እጅሽ ከእኔ ይሻላል፤ ወንድምሽ ነው ጨለማ ውስጥ የሚያስቀምጥሽ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም? የራስህን ወርቅ ትተህ።»

ኮምፒውተራቸውን ከፍተው፣ ሲያመለክቱ ለደረሳቸው ኢሜይል መልስ መጻፍ ጀመሩ። ማመልከቻዬን አንስቻለሁ፣ ተስማምተናል የሚል። እህቴ «ተወው ጋሼ፣ ይቅር» አለች። «ለእሱ ብዬ አይደለም» አሉና ቁጥሮቹን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። እያንዳንዱን አሃዝ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሁለት ቁጥር ነው፤ ሃያ ደቂቃ የቆየሁ መሰለኝ። ስንወጣ እህቴን አቀፏት። እኔን «በርታ» አሉኝ፤ እሱም ከበቂ በላይ ነበር።

ሰኞ ለፋብሪካው አልመጣም አለቻቸው። ከሰዓት በኋላ በእነዚያ ፎቶዎች ተስበው ሥራ የሰጡ ሰዎችን ስም ጻፍ አለችኝ። ሰባት ሆኑ። ራሷ ደወለችላቸው፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እንድሰማ አደረገች። «ያያችሁት ፎቶ የእኔ ሥራ አልነበረም፣ ይቅርታ፤ ሥራው ካላስደሰታችሁ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ» ትላለች። አምስተኛዋ ሴትዮ «እኔኮ የተቀመጥኩት ሶፋው ላይ እንጂ ፎቶው ላይ አይደለም» አለቻት። እህቴ ሳቀች። ከእኔ ጋር አልነበረም የሳቀችው።

በአራተኛው ቀን አንዱ ማስጠንቀቂያ ከገጹ ላይ ተነሳ፤ በስድስተኛው ሌላው። የሁለተኛው ገጽ ቅጣት ግን ማንም ያመለከተበት አልነበረምና ቀኑን ጨርሶ ነው የሄደው። መለጠፍ ስችል መጀመሪያ የለጠፍኩት የይቅርታ ጽሑፍ ነው። እህቴን ምን ልበል ብላት «አንተው ጻፈው፤ እኔ አልዋሸሁም» አለች። ቀይ ክር ያለባቸው ሶፋዎች የመምህሯ እንደሆኑ፣ የሰረቅኩት እኔ ወንድሟ እንደሆንኩ ጻፍኩ። አርባ አንድ ሰው አየው። በሕይወቴ ጥቂት ሰው ስላየልኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ሶፋው ሲያልቅ ጠዋት ጠዋት ወደ በሩ አወጣዋለሁ። ፊቱን አነሳለሁ፤ ከዚያ አዞረውና ቢጫውን ጥግ አነሳለሁ። ባልዲው ጓሮ ሄዷል። የሚያየው ሰው ባንዴ አልተመለሰም፤ ሰባ፣ መቶ አሥር፣ አንድ ሳምንት ደግሞ ወደ ኋላ ዘጠና። የገጹ ሁኔታ ችግር የለም ካለም በኋላ ሰው ተመልሶ እስኪያምን ጊዜ ይፈጃል። በቅርቡ በሳምንት አራት ሰው ደወለ፤ ሁሉም የእሷን ሥራ አይተው። እህቴ ለእኔ የምትናገረው ግን ለሳምንታት ሦስት ቃል ብቻ ነበር፦ ያዝ፣ አንሳ፣ ልቀቅ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሱቁን ስከፍት ስልኩን ይዤ የምቀመጥበት አሮጌ በርጩማ ተለውጦ አገኘሁት። ስፖንጁ አዲስ ነው፤ ጨርቁ ጥሩው ግራጫ ነው፣ ለደንበኛ እንኳ ሳትሳሳ የማትቆርጠው። ደስታዬን አልችለው ስል ወደ በሩ አወጣሁትና ፎቶ ላነሳው አዞርኩት። ጥጉን ፈለግኩ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት።

«እትዬ፣ ቢጫው የለውም እኮ» አልኳት።

መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች ነበር፤ ለሌላ ሶፋ።

«አልጨረስኩትም» አለች።

ፎቶውን አላነሳሁትም። በርጩማውን መልሼ አስገብቼ ተቀመጥኩበት፤ ስልኩንም ከፍቼ ሥራዬን ጀመርኩ።